ሲለበስን ከሚድ ወደ ኋላ ማንበብ

የመስቀል ማግስት እሑድ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣና ሲለበሱን አሳየኝ። የሚማረው ዋሽንግተን አጠገብ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ኮርሱ የአሜሪካ መንግሥት መግቢያ ነው። እዚህ አገር ኮሌጅ የገባ ብዙ ሰው አንድ ቀን ያገኘዋል። ሚዱ ረቡዕ ኦክቶበር 8 ነው፤ አሥር ቀን ቀርቶታል። ማታ ማታ ኤርፖርት ይሠራል፤ ካነበበው ያላነበበው ይበልጣል።

«ከአንደኛው ሳምንት ጀምሬ ዝም ብዬ ልውረድበት?» አለኝ።

እኔም የመጀመሪያ ሴሚስተሬን ያበላሸሁት እንደዚያ ነው። ከአንደኛው ሳምንት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሦስት ቀለም አሰመርኩበት። ሁለተኛውን በደንብ አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ፈተናው ደረሰ። ፈተናው ላይ ከመጀመሪያው ምዕራፍ የመጣው ሁለት የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነበር። ኤሴዩ ከአራተኛው ሳምንት ነው የወጣው፤ ያን ሳምንት ደግሞ ገልጬም አላየሁትም።

አገር ቤት ስንማር ኮርስ አውትላይን የመጀመሪያ ቀን ይታደላል፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። የሚድን ነገር የምናውቀው ከሲኒየሮችና ካለፈው ዓመት ፈተና ነው። እዚህ ግን ፕሮፌሰሩ የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር ሲለበሱ ላይ ጽፎታል። ችግሩ አንድ ቦታ ላይ አለመጻፉ ነው። ግማሹ ከላይ የትምህርቱ ዓላማ ላይ አለ። ግማሹ የማርክ ክፍፍሉ ላይ አለ። የቀረው የሳምንቱ ፕሮግራም ሠንጠረዥ ውስጥ ተበትኗል። ሥራው ሦስቱን ማገጣጠም ነው።

የልጁ ሠንጠረዥ አራት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ ርዕስ፣ ንባብ፣ የሚያስረክቡት ሥራ። ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 10/8 ማለት ኦክቶበር 8 ነው እንጂ ኦገስት 10 አይደለም። ከቀኑ ጎን የተጻፈ ንባብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያን ቀን ክፍል ውስጥ የሚወያዩበት ነው። ስለዚህ ክፍል ከመግባትዎ በፊት የሚነበብ ነው፤ ከክፍል በኋላ እንደሚሠራ የቤት ሥራ አይደለም። አንዳንዱ ሲለበስ ቀኑን ሳይሆን የሳምንቱን ሰኞ ብቻ ይጽፋል። ያኔ ንባቡ ለሰኞ ነው ወይስ እስከ ዓርብ ነው የሚለውን የሚነግርዎ ኩዊዙ ነው። ኩዊዙ ሰኞ ከሆነ ንባቡም ለሰኞ ነው። የሌሊቱን 11:59 ማስረከቢያም ልብ ይበሉ፤ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 5:59 ማለት ነው። የሐበሻ ሰዓት ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ሰው እዚህ ላይ ሲሸወድ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ልጁ ሠንጠረዥ። መጽሐፉ ኦፕንስታክስ በነጻ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው የአሜሪካ መንግሥት መማሪያ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው የገጽ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በክፍል ቁጥር ነው የሚያዘው፦ 2.1፣ 2.2 እያለ። ይሄ አንድ ጣጣ ያስቀራል። ገንዘብ ለመቆጠብ የቆየ እትም የገዛ ተማሪ ሲለበሱ ላይ ያለውን ገጽ ሲከፍት ሌላ ነገር ያገኛል፤ ገጹ ከእትም እትም ይለያያላ። የእርስዎ ኮርስ በገጽ የሚያዝ ከሆነና እትምዎ የቆየ ከሆነ፣ የክፍሉን ርዕስ ከጓደኛዎ መጽሐፍ ያመሳክሩ።

የልጁ ፕሮግራም ይሄን ይመስላል። በአንደኛው ሳምንት ምዕራፍ 1 ሙሉውን፣ ማለትም መንግሥት ምንድን ነው የሚለውን ይነበባል። ሁለተኛው ሳምንት ከ2.1 እስከ 2.3፣ ሕገ መንግሥቱ እንዴት እንደተወለደ ነው። ሦስተኛው ሳምንት 2.4 እና 2.5፣ ከዚያ ሕገ መንግሥቱን ደግፈው ከተጻፉት ጽሑፎች ፌዴራሊስት ቁጥር 10 እና ቁጥር 51 ነው። እዚያው ሥር «ሪኮመንድድ» ተብሎ ብሩተስ ቁጥር 1 አለ። አራተኛው ሳምንት ፌዴራሊዝም ነው፦ 3.1፣ 3.2፣ 3.5፣ ከዚያም ማከሎክ ከሜሪላንድ የተባለው ፍርድ ተቀንጭቦ። አምስተኛው ሳምንት ምዕራፍ 4 ሙሉውን፣ ስለ ሲቪል ነጻነት፣ ስለ ጠበቃ ማግኘት መብት ከተሰጠው የጊዲዮን ፍርድ ጋር ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ 5 ሙሉውን፣ ስለ ሲቪል መብት፣ በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ከሻረው የብራውን ፍርድ ጋር ነው። ሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ክለሳ፣ ረቡዕ ሚድ።

ሲቆጠር ከመጽሐፉ 20 ክፍል ነው። በተጨማሪ አምስት ግዴታ የሆነ የውጭ ጽሑፍና አንድ «ብታነቡት ጥሩ ነው» የተባለ አለ። ሁሉም እኩል ተሰልፎ ሲታይ ያስፈራል። ግን እኩል አይደለም። ልጁን «በል ሠንጠረዡን ለጊዜው ተወውና ወደ ማርኩ ገጽ ሂድ» አልኩት።

የማርኩ ገጽ እንዲህ ይላል። ሚድ ከጠቅላላው 25 በመቶ ነው። ሚዱ ከ100 ይታረማል፦ 30 የምርጫ ጥያቄ በሁለት በሁለት ነጥብ፣ ከስድስት የሚመረጡ አራት አጭር መልስ በአምስት በአምስት ነጥብ፣ አንድ ኤሴይ በ20 ነጥብ። 60፣ 20፣ 20 ማለት ነው።

ይህን ሳያውቁ ንባብ መምረጥ በጨለማ መደናበር ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ የጥያቄ ዓይነት የራሱ ምንጭ አለው። የምርጫ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፉና ከስላይዱ ነው የሚወጣው። ብዙ ፕሮፌሰሮች ከመጽሐፉ ጋር ለአስተማሪ የሚመጣ የጥያቄ ባንክ ይጠቀማሉ። ይሄን እንዴት ያውቃሉ? ያለፈውን ኩዊዝ ያውጡ። የጥያቄው አነጋገር ከመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር ጋር ቃል በቃል ከተመሳሰለ ሚዱም እንደዚያው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉት ቁልፍ ቃላትና የክለሳ ጥያቄዎች ከሙሉው ምዕራፍ በላይ ዋጋ አላቸው። ኩዊዙ ፕሮፌሰሩ ክፍል ውስጥ የሰጠውን ምሳሌ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ኖትዎ ከመጽሐፉ ይበልጣል። የልጁ ሁለቱም ኩዊዞች የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ።

ኤሴዩ ሌላ ነው። ኤሴይ ቃል በማወቅ አይጻፍም። ሁለት ሐሳብ የሚያጋጥም ጥያቄ ነው የሚመጣው። ለዚያ የሚሆነው ደግሞ ሰው ተከራክሮ የጻፈው ጽሑፍ ነው፤ ፌዴራሊስቱ፣ ብሩተሱ፣ ፍርዱ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ንባብ ስንት ቦታ ላይ እንደተጠቀሰ ቆጠርን። ይሄ ቀላል ነገር ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም። ንባቡ በሳምንቱ ርዕስ ውስጥ ተጠቅሷል? ኩዊዝ ወይም አጭር ጽሑፍ ተሠርቶበታል? ፕሮፌሰሩ ክፍል ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሞበታል? ሲለበሱ መጀመሪያ ላይ ካሉት የትምህርቱ ዓላማዎች አንዱ ይነካዋል? ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ጭረት።

ፌዴራሊስት 10 አራት ጭረት አገኘ። የሳምንቱ ርዕስ ውስጥ አለ። በአራተኛው ሳምንት የሁለት ገጽ አጭር ጽሑፍ ተጽፎበታል። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ውይይት ተደርጎበታል። ከዓላማዎቹም አንዱ ይነካዋል። ፌዴራሊስት 51 ሦስት፣ ማከሎክ ሦስት። ጊዲዮን አንድ። ምዕራፍ 1 አንድ፤ እሱም ከኩዊዝ ነው። በነገራችን ላይ የኮርስ የመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው፤ ገና ተማሪው እየተመዘገበና እየለቀቀ ስለሆነ ፕሮፌሰሩ ከባድ ነገር አይጭንበትም።

ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ አንድ ነገር አየን። ፕሮፌሰሩ 3.3ንና 3.4ን ዘሏቸዋል። ይሄ ራሱ መልእክት ነው። ምዕራፍ እየቆራረጠ የሚያዝ ፕሮፌሰር ያዘዛቸውን ሦስት ክፍሎች አስቦባቸዋል ማለት ነው። «ምዕራፍ 4 ሙሉውን» ብሎ የጻፈበት ላይ ግን እንደዚያ አልመረጠም። ስለዚህ 3.1ና 3.2 ከ4.4 ይልቅ ጠጋ ብለው ሊነበቡ ይገባል።

አሁን ብሩተስ። ልጁ «እሱማ ሪኮመንድድ ነው፣ ተወው» አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ «ሪኮመንድድ» ማለት ጊዜ ካላችሁ ማለት ነው። ግን ከዓላማዎቹ ሁለተኛው «ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ የደገፉትንና የተቃወሙትን ሐሳብ ያነጻጽራል» ይላል። ዓላማው ላይ ያለውን ግስ ይዩት። «ይለያል» ወይም «ይዘረዝራል» ከሆነ የምርጫ ጥያቄ ይሸታል። «ያነጻጽራል» ወይም «ይገመግማል» ከሆነ ኤሴይ ይሸታል። ለማነጻጸር ደግሞ ሁለት ወገን ያስፈልጋል። ፌዴራሊስት 10 እና 51 የደጋፊዎቹ ናቸው። የተቃዋሚዎቹ ድምፅ ያለው በብሩተስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈው ጽሑፍ፣ ቢያንስ ሐሳቡ፣ የግድ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሳምንት ፕሮግራም ጠቃሚው ነገር ያለው እዚህ ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተከታትለው የተቀመጡ ንባቦች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ፕሮፌሰሩ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው እንዲከራከሩለት ነው። የሳምንት 2፣ 3 እና 4ን ንባብ አንድ ላይ ያዩ እንደሆነ ታሪኩ ይሄ ነው።

በ1781 የጸደቀው የኮንፌዴሬሽን ስምምነት ለማዕከላዊው ኮንግረስ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አልሰጠውም። ከ1786 እስከ 1787 ማሳቹሴትስ ውስጥ በዕዳና በግብር የተማረሩ ገበሬዎች በሼይስ መሪነት ሲያምፁ፣ ማዕከሉ ጦር የሚልክበት ገንዘብ እንኳ አልነበረውም። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቀቀ። ያኔ ክርክሩ ጦፈ። ብሩተስ የሚል የብዕር ስም የያዘው ጸሐፊ በኦክቶበር 1787 ኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ወጣና ሁለት ነገር ፈራሁ አለ። አንደኛ፣ ይሄን የሚያህል ሰፊ አገር በአንድ ሪፐብሊክ ሥር ነጻነቱን ይዞ አይቆይም። ሁለተኛ፣ ኮንግረስ «አስፈላጊና ተገቢ» የሆነውን ሕግ ሁሉ ያወጣል የሚለው አንቀጽ ስቴቶችን ቀስ በቀስ ይውጣቸዋል። ከሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች አንዱ የሆነው ማዲሰን በኖቬምበር 22 በፌዴራሊስት 10 በተቃራኒው ተከራከረ፤ አገር ሲሰፋ አንጃው ስለሚበዛ አንዱ ሌላውን መዋጥ ይከብደዋል አለ።

ከዚያ በሳምንት 4 ማከሎክ ይመጣል። ፍርዱ የተሰጠው በ1819 ነው። ኮንግረስ ባንክ አቋቁሟል፤ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ግን «ባንክ» የሚል ቃል የለም። ሜሪላንድ በባንኩ የባልቲሞር ቅርንጫፍ ላይ ግብር ጣለች። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር ወሰነ። «አስፈላጊና ተገቢ» የሚለው አንቀጽ ባንክ ለማቋቋም ይበቃል። ስቴት ደግሞ የፌዴራሉን ተቋም በግብር መጫን አይችልም። ብሩተስ ከ32 ዓመት በፊት የፈራው ያው አንቀጽ ነው። አየህ፣ ኤሴዩ እዚህ ጋ ነው የተቀመጠው አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና «ይሄን ክፍል ውስጥ ሲናገር ጻፍኩት፤ ግን አላገናኘሁትም» አለኝ።

ሦስቱን ጽሑፍ ለየብቻ ቢሸመድድ ኖሮ ይሄ አይታየውም ነበር። በየሳምንቱ መካከል ያለውን ክር ማግኘት አጭር መልሱንም ያግዛል። «አስፈላጊና ተገቢ» የሚለው ቃል ቢጠየቅ ትርጉሙን ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ሦስት ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ማን ፈራው፣ የትኛው ፍርድ ተጠቀመበት ብሎ የሚጨምረው ነው አምስቱን የሚወስደው።

ቀጥሎ የማይቀረው ችግር አለ፤ ሠንጠረዡና ክፍሉ ተለያይተዋል። ሴሚስተሩ ኦገስት 25 ተጀመረ። ሴፕቴምበር 1 ሰኞ ሌበር ደይ ስለነበር ክፍል አልነበረም። ትምህርቱ ሰኞና ረቡዕ ስለሆነ ሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ቀረ። ከዚያ ጀምሮ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተገፋ፤ የፌዴራሊስት 10 ውይይት ሲረዝም ደግሞ በሌላ ቀን ተገፋ። ባለፈው ረቡዕ ፕሮፌሰሩ 4.2 ላይ ነው ያቆሙት። ሠንጠረዡ ግን ሳምንት 5 አልቋል ይላል። ቀኑን ስንቆጥር ከክለሳው በፊት የቀረው ሁለት ክፍል ብቻ ነው፦ ሰኞ ሴፕቴምበር 29 እና ረቡዕ ኦክቶበር 1። በአንደኛው ምዕራፍ 4 ቢያልቅ፣ ምዕራፍ 5ን አምስቱንም ክፍል በአንድ ቀን መጨረስ አይቻልም። ታዲያ ምዕራፍ 5 ሚዱ ውስጥ አለ ወይስ የለም?

ሲለበሱ ግርጌ ላይ «ፕሮግራሙ ሊለወጥ ይችላል» የሚል መስመር አለ። ማንም አያነበውም። ለውጡ የሚነገረው ካንቫስ በተባለው የኮርሱ ድረ ገጽ ላይ በሚወጣ ማስታወቂያ ወይም ክፍል ውስጥ በአፍ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፕሪንት ያደረጉት ወረቀት ላይ ተመሥርተው የሚያጠኑ ከሆነ የቆየ ካርታ ይዘው ነው የሚሄዱት። ካንቫስ ላይ ገባን፤ ማስታወቂያ የለም። ስለዚህ መጠየቅ የግድ ሆነ።

አብዛኞቻችን ፕሮፌሰር መጠየቅ እንፈራለን። ኦፊስ አወር፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮው ተማሪ የሚቀበልበት ሰዓት፣ የወደቀ ተማሪ የሚሄድበት ይመስለናል። ብንጠይቅም የምንጠይቀው ጥያቄ ልክ አይደለም። «ለሚድ የትኛው ንባብ ነው አስፈላጊ?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «ሁሉም» ነው። ምን እንዲል ነው? ራሱ የመረጠውን ንባብ አስፈላጊ አይደለም ሊል አይችልም። ጥያቄው «የማላነበውን ንገሩኝ» ሆኖ ነው የሚሰማው።

ራስዎ አስበው የደረሱበትን አስቀድመው ካቀረቡ ግን ፕሮፌሰሩ ማረም ብቻ ነው የሚቀረው። ሰው ደግሞ ማረም ይወዳል። ልጁ የኮርሱን ቁጥርና የክፍሉን ቁጥር ኢሜይሉ ርዕስ ላይ ጻፈ፤ አንድ ፕሮፌሰር ያንኑ ኮርስ በሦስት ክፍል ሊያስተምር ይችላል። ውስጡ በአማርኛ ሲመለስ ይሄን ይመስላል፦

«ፕሮፌሰር፣ ለሚዱ እየተዘጋጀሁ ነው። ፌዴራሊስት 10ን፣ 51ንና ማከሎክን በጥልቀት፣ ከምዕራፍ 2 እስከ 4 ያሉትን ደግሞ ለቃላቱና ለዋና ሐሳቡ እያነበብኩ ነው። ሁለት ነገር ማረጋገጥ ፈለግሁ። በሌበር ደይ ምክንያት ትንሽ ወደ ኋላ ስለቀረን፣ ምዕራፍ 5 ሙሉው ሚዱ ውስጥ ይካተታል? ብሩተስ 1ን በተመለከተ፣ ክርክሩን ማወቅ ይበቃል ወይስ ጽሑፉን መጥቀስ ይጠበቅብናል?»

ሰኞ ጠዋት መልስ መጣ። ከምዕራፍ 5 የሚካተቱት 5.1 እና 5.2 ከብራውን ጋር ብቻ ናቸው፤ ይሄንኑ ለሁሉም በካንቫስ እንደሚያሳውቁ ጻፉ። ብሩተስ ላይ ተቃዋሚዎቹ ምን እንደፈሩ ማወቅ ይበቃል፣ መጥቀስ አያስፈልግም። ሦስተኛውን ደግሞ ሳይጠየቁ ጨመሩ፦ ኤሴዩ ከሳምንት 3 እና 4 ነው። ኢሜይሉ አምስት ዐረፍተ ነገር አይሞላም፤ ሦስት ክፍል አስቀነሰለት፣ ኤሴዩንም ከስድስት ሳምንት ወደ ሁለት አጠበበለት። ሁሉም ፕሮፌሰር እንዲህ ቸር ነው አልልም። «ሲለበሱን ይመልከቱ» ብሎ የሚመልስም አለ። ያኔ የጭረት ቆጠራው ላይ ይደገፋሉ፤ የክለሳው ቀን ላይም ጆሮ ይሰጣሉ። በክለሳ ቀን ፕሮፌሰር አንድን ነገር በድጋሚ ሰሌዳ ላይ ከጻፈ በከንቱ አይደለም።

ጊዜውን እንዲህ ደለደልነው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ ከክፍል ውጭ በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል ይጠይቃል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ግን ሥራ አለበት። ከፈረቃውና ከእንቅልፉ የሚተርፈው ሰባት ቀን ላይ ሁለት ሁለት ሰዓት ነው፤ 14 ሰዓት። ለሁለቱ ፌዴራሊስቶችና ለብሩተስ ሐሳብ ሦስት ሰዓት ተኩል። ለማከሎክ ከ3.1ና 3.2 ጋር ሦስት ሰዓት። ከ2.2 እስከ 2.4 ሁለት ሰዓት ተኩል። ከ4.1 እስከ 4.3 ከጊዲዮን ጋር ሁለት ሰዓት። 5.1፣ 5.2ና ብራውን አንድ ሰዓት ተኩል። ምዕራፍ 1ን ጨምሮ የቀሩት ሁሉ በአንድ ሰዓት፤ ማጠቃለያውንና ቁልፍ ቃላቱን ብቻ ገረፍ ገረፍ አድርጎ። የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት መጽሐፍ ዘግቶ ኤሴይ ለመለማመድ።

«ፌዴራሊስት 10 ስድስት ሰባት ገጽ ነው፤ ለምን ይሄን ሁሉ ሰዓት?» አለኝ። ገጹ አጭር ነው። እንግሊዝኛው ግን የ18ኛው መቶ ዘመን ነው፤ አንዱ ዐረፍተ ነገር ግማሽ አንቀጽ ይሆናል። እዚህ የተወለደው ተማሪም ይቸገራል። በገጽ ብዛት ጊዜ መደልደል የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ የመማሪያው መጽሐፍ ሠላሳ ገጽ ከማዲሰን ስድስት ገጽ ይቀላል።

ስለዚህ ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከማንበቡ በፊት አጽሙን አወጣን። ማዲሰን ችግሩ አንጃ ነው ይላል፤ በራሱ ጥቅም ተነሥቶ የሌላውን መብት የሚጋፋ ቡድን። አንጃን ከሥሩ ማጥፋት ይቻላል? በሁለት መንገድ ብቻ ይላል፦ ነጻነትን ማጥፋት፣ ወይም ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲያስብ ማድረግ። የመጀመሪያው ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው የማይሆን ነገር ነው። እንግዲህ ጉዳቱን መቆጣጠር ነው የሚቀረው። እንዴት? ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን በወኪሎቹ የሚተዳደርበት ሪፐብሊክ፣ እሱም ሰፊ የሆነ። 51 ደግሞ ከዚያ ይቀጥላል፦ ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ፤ ስላልሆኑ አንዱ የሥልጣን አካል ሌላውን እንዲጠብቅ አድርጎ መሥራት ነው። ይህን ይዞ ሲያነብ ዐረፍተ ነገሩ ቢረዝምም የት እንዳለ ያውቃል።

የልጁ የመጀመሪያ የኤሴይ ልምምድ ላይ አንድ ነገር ቀይ አደረግሁበት። «ሕገ መንግሥቱ በ1987 ፊላደልፊያ ላይ ተረቀቀ» ብሎ ጽፏል። አልፈርድበትም። እኛ ሕገ መንግሥት ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን የራሳችን የ1987ቱ ነው። ሰባቱን ጻፍ አልኩት፣ ትልቅ አድርገህ፣ በወረቀቱ ዳር።

ሰኞ በክለሳው ቀን ፕሮፌሰሩ ሰሌዳው ላይ ሦስት ስም ጻፉ፦ ማዲሰን፣ ብሩተስ፣ ማርሻል። ማርሻል የማከሎክን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ነው። ልጁ ከክፍል ሲወጣ ሰሌዳውን በስልኩ አንሥቶ ላከልኝ፤ ከሥሩ ምንም አልጻፈበትም።